እምብርቱን ሳትከፍቱ የትሉን ስም አትጥሩ

በየቀበሌው በሰብል ባለሙያነት ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ የበቆሎ ቅጠል ፎቶ በስልክ ላከልኝና «ጋሼ፣ ይህ መጤ ተምች ነው ወይስ አገዳ ቆርቁር?» ሲል ጠየቀኝ። ቅጠሉ ከተክሉ ተቀንጥሶ በመዳፉ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር አግድም የተሰለፉ ቀዳዳዎች ይታዩበታል። አብዛኛውን ዕድሜዬን በሰብል ጥበቃ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና መልሱን ወዲያው ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን አልመለስሁለትም። እንዲህ ያለ ቅጠል በ2009 ዓ.ም. ክረምት አይቼ፣ ሳላመነታ ስም ሰጥቼ፣ የአንዲት እናት በቆሎ ሲበላ ዝም ብሎ እንዲታይ ያደረግሁ እኔው ስለ ሆንሁ ነው።

መጤ ተምች አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራቡ የአህጉሪቱ ክፍል ነበር። ወደ አገራችን በደቡብ ምዕራብ በኩል የገባው በ2009 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ሲሆን፣ የእሳት እራቱ በነፋስ እየታገዘ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ስለሚችል፣ ክረምቱ ሲገባ እኛ ወደምንሠራበት ወደ ምዕራብ ጎጃም እንደሚደርስ ተነግሮን ነበር። ማስጠንቀቂያውን አንብቤአለሁ፤ ሥዕሉንም አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ዓይኔ የለመደው አገዳ ቆርቁርን ነበር።

እኒያ እናት ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ጥማድ በቆሎ በመስመር የዘሩ ሴት ነበሩ። በቆሎው ገና ሽልሻሎ አልደረሰም፤ ስድስት ቅጠል ያህል አውጥቷል። ማሳው ዳር ቆሜ የተዘረጋ ቅጠል ያዝሁና የተሰለፉትን ቀዳዳዎች አይቼ «አገዳ ቆርቁር ነው፣ እናቴ» አልኋቸው። «የመሐል ቅጠሉ የደረቀውን ተክል ስታዩ እየነቀላችሁ አቃጥሉት።» እሳቸውም ጎንበስ ብለው አንዱን ተክል በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ሰጋቱራ የመሰለ እርጥብ ነገር አለ» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ። አገዳ ቆርቁርም ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ይጥላል ብዬ በልቤ አሰብሁና ሳላይ ወደሚቀጥለው ማሳ አለፍሁ።

ከ12 ቀን በኋላ ስመለስ የማሳው መልክ ተለውጦ ነበር። የላይኞቹ ቅጠሎች ተቦጫጭቀው ጨርቅ መስለዋል። እኒያ እናት አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው አንድ ተክል አሳዩኝ። ያን ቀን ተንበርክኬ፣ ገና ያልተዘረጉት ቅጠሎች ተጠቅልለው የሚቆሙበትን የበቆሎውን እምብርት በጣቴ ከፈትሁት። ከላይ ቢጫ ቡና ቀለም ያለው፣ ደርቆ የሚፈረፈር ኩስ ነበረ። ከሥሩ ግን እርጥብ፣ አረንጓዴነቱ ያልለቀቀው፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ኩስ እምብርቱን እንደ ውታፍ ደፍኖታል። እሱን ገፋ ሳደርግ አንድ ወፍራም ትል ተጠምዝዞ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ ነጣ ያለ፣ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» ፊደል የመሰለ መስመር አለው፤ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ በማሳው ውስጥ አምስት ቦታ እየቆምሁ በየቦታው 20 ተክል ቆጠርሁ። ከ100ው ተክል 60 ያህሉ እርጥብ ኩስ ነበረው። በዚህ ዕድገት ላይ ላለ በቆሎ ከ100 ተክል 20ው አዲስ ጉዳት ከታየበት እርምጃ መውሰድ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ በቆሎው ከፍ ሲል ልኩ ወደ 40 ያድጋል። እኔ በመጣሁበት የመጀመሪያ ቀን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ስንት ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ትሎቹ ግን ያኔ ትንንሽ ነበሩና፣ በእጅ ለቀማም ሆነ በርጭት የሚደረስባቸው ሰዓት ያ ነበር።

እንግዲህ ያ የተሰለፈ ቀዳዳ ለምን እንዳሳሳተኝ ልንገራችሁ። ታጥፎ የተቀመጠ ነጠላ አይጥ አንድ ቦታ ላይ ቢበሳው፣ ሲዘረጋ ቀዳዳው ተሰልፎ ብዙ ሆኖ ይገኛል። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ ትሉ የሚበሳው ተጠቅልሎ የቆመውን ቅጠል ሲሆን፣ ቅጠሉ ከቀናት በኋላ ሲዘረጋ የአንዱ ንክሻ አሻራ በረድፍ ይታያል። ስለዚህ ረድፉ የሚነግራችሁ ተባዩ እምብርት ውስጥ እንደበላ ብቻ ነው፤ ማን እንደበላ አይነግራችሁም። እምብርት ውስጥ ደግሞ አገዳ ቆርቁርም መጤ ተምችም ይበላሉ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ትሎቹ ሲያድጉ ነው። የአገዳ ቆርቁር ጫጩት እምብርት ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይና ወደ አገዳው ይገባል፤ በዚህ የተነሣ በቅጠሉ ላይ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ፣ መጠኑም የተቀራረበ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ኩሱን የምታገኙት በአገዳው ላይ ባለች ቀዳዳ አፍ ሲሆን፣ የመሐሉን ቅጠል ሳብ ስታደርጉት ያለ ትግል ተመዝዞ ይወጣል። አገዳውን ስትሰነጥቁ የምታገኙት ትል ገርጣ ያለ ወይም ወደ ሮዝ ቀለም የሚያደላ ነው፤ ግንባሩ ላይም ያ ምልክት የለም። መጤ ተምች ግን እያደገ እዚያው እምብርት ውስጥ ይሰነብታል። ጫጩት ሳለ የቅጠሉን አንድ ገጽ ይፍቅና ሌላኛውን ስስ ሽፋን እንደ መስተዋት ይተወዋል፤ ቀጥሎ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ይበሳል፤ ሲጎለምስ ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ረዘም ያለ ቀዳዳ ይከፍታል። በአንድ ተክል ላይ ከታችኛው ቅጠል ወደ ላይኛው ስትሄዱ ቀዳዳው እየሰፋ ከሄደ፣ የትሉን ዕድሜ እያነበባችሁ ነው። እርስ በርሱ ስለሚበላላ በመጨረሻ በእምብርቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ትሎች ብቻ ይቀራሉ፤ ኩሱ ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በቆሎው ገና በለጋነቱ፣ መስተዋት የመሰለው ፍቅፋቂ ብቻ በሚታይበት ጊዜ፣ በጉዳቱ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ «በቅጠሉ አይቼ ለየሁት» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ያን ጊዜ እንቁላሉን ፈልጉ። የመጤ ተምች እንቁላል በቅጠሉ ላይ በአንድ ቦታ ተከምሮ፣ ከ100 እስከ 200 የሚሆን፣ ብዙውን ጊዜ ግራጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ለብሶ ይገኛል። በደጋማውና በወይና ደጋው የሚበዛው አገዳ ቆርቁር ግን እንቁላሉን በቅጠሉ እቅፍና በአገዳው መካከል ደብቆ ስለሚጥል፣ እቅፉን ገለጥ ሳታደርጉ አታዩትም። ሁለቱ በአንድ ማሳ፣ አልፎ አልፎም በአንድ ተክል ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ አንዱን ስታገኙ ፍለጋውን አታቁሙ።

ስለ ነባሩ ተምች ብዙ አልጽፍም፤ እሱን ከሌላ ተባይ ጋር ማምታታት ይከብዳል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የወረደ አንድ ተምች ትዝ ይለኛል። በግጦሽ መሬት ላይ ጥቁር ሆኖ ሲሄድ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ነባሩ ተምች እምብርት ውስጥ አይደበቅም፤ ቅጠሉን ከዳር ጀምሮ ይበላና መሐለኛውን ጅማት ብቻ አቁሞ ይሄዳል፤ በአጠገቡ ያለውንም ሣር አይምርም። ኩሱም መሬት ላይ ተበትኖ ይገኛል። ፌንጣም ከዳር ይገምጣል፤ ነገር ግን እምብርቱን ስትከፍቱት ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ከዳሩ ተገምጦ እምብርቱ ንጹሕ ከሆነ መጤ ተምችን ለመክሰስ አትቸኩሉ።

ዛሬ ዛሬ ወጣቶች ማሳ ገብታችሁ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ስትወጡ አያለሁ፤ ልብሳችሁ ጭቃ እንዳይነካው ስትጠነቀቁ ያሳዝነኛል። እንዲህ ስል ደግሞ ያ ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ አስታውሳለሁ። እኔ በዚያ ክረምት ማንንም አልጠየቅሁም፤ እኒያ እናት ያለ ጥያቄ የነገሩኝንም አልሰማሁም። ስለዚህ በዚህ ነገር ከእኔ ትሻላላችሁ ማለት ይገባኛል። ለርጭት መቸኮል ክፉ ነው እያልሁ ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ፤ ሆኖም በዚያ ማሳ ላይ ጉዳት ያደረሰው መዘግየቴ ነው።

ለልጁ የመለስሁለት ይህን ነው፤ «ወደ ማሳው ተመለስ፤ ቅጠሉን አትቀንጥስ፤ እምብርቱን በሁለት አውራ ጣትህ ከፍተህ ከላይ ወደ ውስጥ ፎቶ አንሣው፤ ኩሱንም በጣትህ ነክተህ እርጥብ ይሁን ደረቅ ጻፍልኝ።» ከሰዓት በኋላ የአሥር ተክል ፎቶ ላከልኝ። ቀዳዳዎቹ ሰፋፊና የተቦጫጨቁ ነበሩ፤ ኩሱም ብዙ ነበር፤ አገዳው ላይ ግን ቀዳዳ አልተገኘም። መጤ ተምች እንደ ነበረ አልተጠራጠርሁም። «ነበረ» ያልሁት ግን ሆን ብዬ ነው። ከአሥሩ በዘጠኙ ኩሱ ደርቆ ይፈረፈራል፤ ከእምብርቱ አዲስ ብቅ ያሉት ሁለት ቅጠሎችም ምንም አልተነኩም። ትሉ ዕድሜውን ጨርሶ ለመለወጥ ወደ አፈር ወርዷል ማለት ነው። አርሶ አደሩ ግን ቀዳዳውን አይቶ መድኃኒት ሊገዛ ወደ ገበያ ለመውረድ ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ቀን ቢረጭ ኖሮ የሚረጨው ባዶ እምብርት ላይ ነበር።

ልጁን አርሶ አደሩ ከመንገድ እንዲመለስ አድርግ አልሁት። ደግሞም እንዲህ ስል ጻፍሁለት፤ አፈር ውስጥ የገባው ሙቀት ባለበት ስፍራ በ8 ወይም በ9 ቀን የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል፤ ብርድ ባለበት ከ20 እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል። አንተ ያለህበት ወይና ደጋ ስለ ሆነ ከሳምንት በኋላ ጀምረህ በየሦስት ቀኑ ግባ፤ የተቦጫጨቀውን አሮጌ ቅጠል ተወውና በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ መስተዋት የመሰለ ፍቅፋቂና በግራጫ ፀጉር የተሸፈነ እንቁላል ፈልግ።