በ NPV ኪሳራ፣ በ XNPV ትርፍ

“ጎንደር ያለችንን የእንግዳ ማረፊያ ለማደስ 400,000 ብር አወጣን። ገንዘቡ የሚገባው ከጥምቀትና ከመስቀል በኋላ ነው። ኤክሴል ላይ በ20% በ NPV ሳሰላው ኪሳራ ያሳየኛል። ምን አጠፋሁ?”

NPV ወደፊት የሚገባውን ብር በሰጠኸው ተመን ወደ ዛሬ ዋጋው ያወርዳል፤ ቀን ግን አያይም። የጥምቀቱን ገቢ ልክ ከዓመት በኋላ፣ የመስቀሉን ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ እንደመጣ ቆጥሮብሃል። ቀኑን የሚያየውን XNPV ተጠቀም። ከ2ኛው ረድፍ ጀምረህ ብሩን A ላይ፣ ቀኑን B ላይ ጻፍ፦

```
-400000   2024-10-01
 250000   2025-01-25
 230000   2025-10-05

=XNPV(20%,A2:A4,B2:B4)
```

ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የገመትኳቸው፤ በራስህ ተካቸው። የእድሳቱ ወጪ በመቀነስ ምልክት እዚያው ውስጥ ይግባ፤ እንደ NPV ለብቻው አይደመርም።

XNPV ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉትን ቀናት ቆጥሮ ለ365 ያካፍላል። የጥምቀቱ ብር የመጣው በ116 ቀን ስለሆነ የሚቀነስበት የ0.32 ዓመት ያህል ብቻ ነው። 250,000ው ዛሬ 235,926 ያወጣል። በ NPV ግን 208,333 ነበር። የመስቀሉ 369 ቀን ነው፤ 191,284 ይሆናል። ወጪው ሲቀነስ ወደ 27,210 ብር ትርፍ ይቀራል። በ NPV እኮ ይኸው ሥራ 31,944 ኪሳራ ነው!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደረሰኞችህ በእኛ አቆጣጠር ከሆኑ ሁሉንም ወደ ፈረንጆቹ ቀይር። ጥር 17 ቀን 2017ን ሳትቀይር 2017-05-17 ብለህ ብትጽፈው ኤክሴል የፈረንጆቹ 2017 ይመስለዋል። ቀኑ ከእድሳቱ ይቀድምና `#NUM!` ይመጣል። ጳጉሜ 5ን ደግሞ 2017-13-05 ብትለው ጭራሽ እንደ ቀን አይቀበለውም። ከተጠራጠርክ `=ISNUMBER(B3)` ብለህ ፈትሽ፤ `FALSE` ካለ ያ ቀን ሳይሆን ጽሑፍ ነው።