ጠቆር ላለ ፓርኬና ለክሬም ግድግዳ የሚስማማ የምንጣፍ ቀለም

ጥያቄ፦ «የሳሎናችን ወለል ጠቆር ያለ ቡናማ ፓርኬ ነው። ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ግራጫ ነው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ሲሆን መስኮት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እኔ ነጭ ምንጣፍ እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ወይን ጠጅ ካልሆነ ይላል። ቡና የምናፈላውም እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ምን ዓይነት ቀለም ብንገዛ ይሻላል?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በምንጣፍ ሽያጭ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት ስለቆየሁ፣ በአዲስ አበባ የቆዩ ቪላ ቤቶች ውስጥ እርስዎ የገለጹትን የመሰለ ሳሎን ደጋግሞ አጋጥሞኛል። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ መደቡ ቡላ ወይም የአሸዋ ቀለም የሆነ፣ በውስጡ ግራጫና የሸክላ ቀይ የተቀላቀሉበት፣ ዙሪያ ጠርዙም ጥቁር ያልሆነ ምንጣፍ እመርጥልዎታለሁ። ምክንያቱን ካወቁት ሱቅ ውስጥ ይህን የመሰለ ባያገኙ እንኳ በራስዎ ዓይን ሌላ መምረጥ ስለሚችሉ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

አብዛኛው ገዢ ምርጫውን የሚጀምረው «ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ?» ብሎ ነው። ጠቆር ያለ ወለልና ፈዘዝ ያለ ግድግዳ ባለበት ክፍል ግን ከቀለሙ ዓይነት በፊት መታየት ያለበት የፍካቱ ደረጃ፣ ማለትም ቀለሙ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ነጭ የሚቀርበው ምን ያህል እንደሆነ ነው። የቀለም አምራቾች ይህን አንድ ገጽታ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ይለኩታል፤ መለኪያው ከ0 ተነሥቶ እስከ 100 ይሄዳል፣ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ደግሞ ንጹሕ ነጭ ነው። ክሬም ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ70 በላይ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ፓርኬ ከ10 ብዙም አይርቅም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ክፍሉ ከታች ከባድ፣ ከላይ ባዶ መስሎ ይታያል። የምንጣፉ ሥራ በዚህ ክፍተት መሐል ገብቶ ዓይን ከወለሉ ወደ ግድግዳው ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ እኔ በግምት ከ30 እስከ 50 ባለው ደረጃ ላይ የሚያርፍ መደብ እፈልጋለሁ።

ይህን ለማየት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የሳሎኑን ወለል፣ ግድግዳና ሶፋ በአንድነት በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ሱቅ ሲሄዱ ምንጣፉንም እንዲሁ ያድርጉ። ቀለሙ ሲጠፋ የሚቀረው ፍካቱ ብቻ ነው። ምንጣፉ በፎቶው ላይ እንደ ፓርኬው ጠቁሮ ከታየ ቤት ውስጥ ከወለሉ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደ ግድግዳው ከነጣም ከወለሉ በኃይል ተነጥሎ ይወጣል።

እርስዎና ባለቤትዎ የመረጧቸውን ሁለት ቀለሞች በዚሁ መንገድ ብንመለከታቸው የሁለቱም ችግር ግልጽ ይሆናል። ወይን ጠጅ በሱቁ ኃይለኛ መብራት ሥር ሲያዩት እጅግ የሚያምር ቀለም ነው። ነገር ግን ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ከጠቆረ ፓርኬ ጋር ለመለየት ያስቸግራል። በተጨማሪም ብርሃን ሲደበዝዝ ዓይናችን ቀይን ከሌሎች ቀለሞች አስቀድሞ እያጣ ስለሚሄድ፣ ቀይ ነገር ሁሉ ሲመሽ ይጠቁራል። መብራት ጠፍቶ ሻማ የበራበትን ምሽት ያስቡ፤ የምንጣፉ ጌጥ በሙሉ ይሰወርና ክፍሉ መሐል ላይ ትልቅ ጥቁር ቦታ ይቀራል። መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ በሆነ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከመስኮቱ በራቀው ግማሽ ላይ ይህ በቀንም ይታያል።

ነጩ በበኩሉ ከወለሉ ጋር ያለው ልዩነት ከመጠን በላይ ስለሚሆን ዓይን ሁልጊዜ ወደ እርሱ ይሳባል። ከምንጣፉ በፊት ሰው የሚያየው አራት ማዕዘን ቅርጹን ነው፤ ሶፋውና ጠረጴዛውም ከክፍሉ ተነጥለው የቆሙ ይመስላሉ። በዚህ ላይ የቡና ጠብታና የበርበሬ ዘይት አለ። በርበሬ የነካው ዘይት ነጭ ክር ላይ ካረፈ፣ ቢታጠብም ብርቱካናማ ጥላ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ቀለም ጠቆር ያለ ነገር ሲከብበው ከራሱ በላይ የነጣ መስሎ ይታያል። አብዛኞቹ የምንጣፍ ሱቆች ወለላቸው ነጣ ያለ ሴራሚክ ነው፤ ምንጣፉ በእርሱ ላይ ሲዘረጋ ጠቆር ብሎ ይታይና ፓርኬዎ ላይ ሲዘረጋ ግን ያ ቀለም ይፈካል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «ልክ ነው» ብለው ከወደዱት ቀለም በአንድ ደረጃ ጠለቅ ያለውን መውሰድ ይሻላል። «ሱቅ ውስጥ ቡላ ነበር፣ ቤት ሲገባ ነጭ ሆነብኝ» የሚለውን አቤቱታ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ምንጣፉ ግን አልተለወጠም፣ ከሥሩ ያለው ወለል ነው የተለወጠው።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ቤት ያለ ጨርቅ ይርዳዎት። ነጭ ጋቢ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቀላ ያለ ጨርቅም አይጠፋም። እያንዳንዱን ምንጣፉ በሚያርፍበት ቦታ በየተራ ዘርግተው በሩ ላይ ቆመው ይዩት፤ አንዱን ጠዋት ብቻ አይተው አይወስኑ፣ ማታም መብራት አብርተው ይዩት። ጋቢው ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ቀላ ያለው ጨርቅ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሰወር በራስዎ ዓይን ሲያዩት፣ ከባለቤትዎ ጋር መስማማት የሚቀላችሁ ይመስለኛል።

የፍካቱ ደረጃ ከተወሰነ በኋላ የቀለሙ ዝንባሌ ይመጣል፤ በእርስዎ ሳሎን እውነተኛው አስቸጋሪ ነገርም ይህ ነው። ክሬም ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ቡናማ ፓርኬ በአብዛኛው ወደ ቀይ ወይም ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል። ሁለቱም ሞቅ ያሉ ናቸው። ግራጫ ሶፋ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል ከሁለቱ ተለይቶ ቀዝቀዝ ይላል። ሶፋውን ለመከተል ብለው ድፍን ግራጫ ምንጣፍ ቢያነጥፉ፣ ከእግርዎ በታች ትልቅ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈጠርና ክሬሙ ግድግዳ ያረጀ፣ የቆሸሸ ቢጫ ይመስላል። ወለሉን ብቻ ተከትለው ድፍን ቡናማ ቢያደርጉ ደግሞ ሶፋው ከሌላ ቤት የመጣ ዕቃ ይመስላል። መፍትሔው ምንጣፉ ሁለቱንም ወገን በውስጡ መያዙ ነው፦ መደቡ ሞቅ ያለ ቡላ ይሁን፣ በስዕሉ ውስጥ የሶፋው ግራጫ በቀጭኑ ይግባ፣ የፓርኬውም ቀላ ያለ ቃና በሸክላ ቀይ ይወከል። ባለቤትዎ የሚወዱት ወይን ጠጅም በስዕሉ ውስጥ በትንሹ ቢገባ ቦታውን ያገኛል፤ መደብ ሲሆን ነው የሚከብደው።

የአንድን ቀለም ዝንባሌ ለመለየት ከከበደዎት አንድ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይያዙ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ፣ ወለሉ ላይና ሶፋው ላይ በየተራ አስጠግተው ሲያዩ፣ ብቻውን «ግራጫ» ይመስል የነበረው ቀለም ሰማያዊነቱ ወይም አረንጓዴነቱ ወዲያው ይወጣል።

የአምፖሉንም ነገር አይርሱ። ሱቆች ብዙ ጊዜ የሚያበሩት ነጭ፣ 6500 ኬልቪን የሚባለውን አምፖል ነው፤ በዚህ ብርሃን ግራጫና ሰማያዊ ይደምቃሉ፣ ቡላና ሸክላ ቀይ ግን ይገረጣሉ። ቤትዎ ውስጥ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሆነ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ካለ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ተጽፏል። የቤትዎ ብርሃን ቢጫ ከሆነ፣ መደቡ በጣም ቢጫማ ያልሆነውን ቡላ ይምረጡ፤ አለበለዚያ ማታ ከግድግዳው ጋር ተደምሮ ክፍሉን በሙሉ ቢጫ ያደርገዋል።

በአንድ ቀለም የተሠራ ምንጣፍ አልመክርዎትም። የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ወደ ቡናማ ያደላ ነው፤ ጥቁር ምንጣፍ ላይ እንደ ዱቄት ይታያል፣ የነጠላና የጋቢ ብናኝም እዚያው ላይ ይጎላል። ነጭ ላይ ደግሞ የክረምቱ ጭቃ አለ። ክሩ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ጠቆር ያለውና ነጣ ያለው የተቀላቀለበት መደብ ከሁለቱም ያድናል፤ ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል፣ ከቅርብ ግን ትንሽ እድፍን ይሸሽጋል። ሱፍ ከወደዱ፣ ባልተነከረ የበግ ሱፍ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ምንጣፎችን ፈልገው ይመልከቱ። ነጭ፣ ቡናማና ግራጫ የበጉ የራሱ ቀለሞች ስለሆኑ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ከእንጨት ጋር ሲሆኑም ድምቀታቸው አይጮህም።

ጠርዙን የሚመለከተው ነገር አጭር ነው፣ ነገር ግን ብዙ ብር ያስከፍላል። ዙሪያው ጥቁር ጠርዝ ያለው ምንጣፍ ጠቆር ያለ ወለል ላይ ሲነጠፍ ጠርዙ ከፓርኬው ጋር ይዋሐድና ለዓይን የሚቀረው የመሐሉ ክፍል ብቻ ይሆናል። 2 በ3 ሜትር የገዙት ምንጣፍ ከዚያ በጣም ያነሰ ይመስላል። በእርስዎ ክፍል 2 በ3 ተስማሚ መጠን ነው፤ የሶፋው የፊት እግሮች በላዩ ላይ እንዲያርፉ አድርገው ቢያነጥፉት፣ በሌላው ጫፍ ባዶ ፓርኬ ይተርፍዎታል። ረከቦቱንና የከሰል ምድጃውን እዚያ ያድርጉ፤ ቄጠማውንም እዚያው ይጎዝጉዙ። እርጥብ ቄጠማ ሲረገጥ በተለይ ቡላ ክር ላይ አረንጓዴ ምልክት ስለሚተው፣ ቀለሙን ሲመርጡ የቡናውን ቦታ አብረው መወሰን ይኖርብዎታል።

ሱቅ ውስጥ የመጨረሻው ነገር የምንጣፉን ፀጉር አቅጣጫ ማየት ነው። ፀጉሩ ወደ አንድ በኩል ስለሚተኛ አንዱ ጫፍ ላይ ቆመው ሲያዩት ፈዘዝ፣ በሌላው ጫፍ ሲያዩት ጠለቅ ይላል፤ ልዩነቱ አንዳንዴ የሁለት ምንጣፎች ያህል ነው። ሻጩ 180 ዲግሪ እንዲያዞርልዎ ይጠይቁና ሁለቱንም ገጽታ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ቤት ሲያነጥፉ፣ ከሳሎኑ በር ሲገቡ የሚታየው ገጽ የመረጡት ደረጃ እንዲሆን አድርገው ያዙሩት። ሻጩ ለአንድ ሌሊት ወስደው እንዲሞክሩት ከፈቀደልዎ ደግሞ፣ የቤትዎን አምፖል አብርተው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሳያዩት ዋጋውን አይክፈሉ።