ከርዳዳ ፀጉር በስንት ጊዜ ይታጠብ?

«ፀጉሬ ከርዳዳ ነው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ እታጠባለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሉጫና ወዛም ስለሆነች በየሁለት ቀኑ ትታጠባለች። እኔም እንደሷ ላድርግ? ሰሞኑን ራሴን ያሳክከኛል፣ ቅባት ብቀባም አልተወኝም።»

እንደሷ አታድርጊ እህቴ። ግን እያሳከከሽ ሁለት ሳምንት መቆየትም በዝቷል፣ በሳምንት አንዴ አድርጊው።

ወዝ የሚወጣው ከራስ ቆዳ ነው፣ የሁለታችሁም ቆዳ ያወጣል። ሉጫ ፀጉር ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቶሎ ያስታውቃል፣ በማግስቱ ፀጉሯ ተጣብቆ ይተኛል። ያንቺን ግን ጥምዝምዙ ያስቀረዋል። ጫፉ ደረቅ ሆኖ ወዙ ሥሩ ላይ ይከማቻል፣ ከላይ ያየ ሁሉ ደግሞ «ቅባት ጨምሪ» ይልሻል! በየሁለት ቀኑ ሻምፖ ካደረግሽበት ያው የደረቀው ጫፍ ይብስበትና ይሰባበራል።

ፒያሳ ፀጉር ቤት ስሠራ እንዳንቺ እያሳከካቸው የሚመጡ ብዙ ነበሩ። መጀመሪያ የማደርገው ፀጉሩን በማበጠሪያ ጭራ ከፍዬ ቆዳውን ብርሃን ላይ ማየት ነው። አንቺም መስታወት ፊት ሞክሪው። ፍርፋሪው ደቃቅ፣ ነጭና ደረቅ ከሆነ፣ ታጥበሽ ስትወጪም ቆዳሽ የሚወጣጠር ከሆነ ድርቀት ነው፣ ሻምፖው ከብዶሻል። ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወዛም፣ ቆዳው ላይ የተለጠፈ፣ ስታኪው ጥፍርሽ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ፎረፎር ነው። ከጆሮ ጀርባና ቅንድብ ላይም ካለ ይበልጥ እርግጠኛ ሁኚ። እሱን የሚያባብሰው ፈንገስ ወዝና ቅባት ይወዳል፣ ስለዚህ ቅቤም ሆነ ቅባት ሥሩ ላይ መቀባት እሱን መቀለብ ነው።

አንዷ ደንበኛዬ ሹሩባዋን ሳትፈታ በየማታው መስመሩ ላይ ዘይት ታፈስ ነበር። ስንፈታው ቢጫው ቅርፊት በየመስመሩ ተጋግሯል። ፀጉሯን አራት ቦታ ከፈልን። ፋርማሲ የሚሸጠውን የኬቶኮናዞል ሻምፖ ቆዳው ላይ ብቻ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ አሸን፣ አምስት ደቂቃ ያህል አቆይተን አለቀለቅን። ይሄ ሻምፖ ፀጉር ስለሚያደርቅ ከመሃል እስከ ጫፍ ኮንዲሽነር አደረግንለት፣ በጣት እያፍታታን። በየሳምንቱ ስትደግመው፣ ዘይቱንም ለጫፍ ብቻ ስታደርገው ማሳከኩ ወሩ ሳይሞላ ለቀቃት።

በሳምንት አንዴ ጀምረሽ ማበጠሪያው ላይ አጫጭር ብጥስጣሽ ከበዛ መታጠቡን አትተዪ፣ ከመታጠብሽ በፊትም ጫፉን ኮንዲሽነር ቀቢው። ፔስትራውንም ለጊዜው እረፊ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰብረው እሱ ነው።

ክብ ሆኖ ፀጉር የተነቀለበት ቦታ፣ መግል ወይም ሕመም ካየሽ ግን በሻምፖ አትቆዪ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጭርት ከሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ አብራሽ ለምትኖረዋም ሊተላለፍ ስለሚችል ማበጠሪያና ሻሽ አትዋዋሱ።