ባለ 12 ቢት ተብሎ የተገዛው ስንት ቢት ይሠራል?

ቮልቴጅን ወደ ቁጥር ስለሚቀይረው አናሎግ-ወደ-ዲጂታል ኮንቨርተር የጨነቃችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ እጠግናለሁ። የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ከአንጎለላ፦ «ለባቄላ ማሳችን የውርጭ ማንቂያ ሠራሁ። ሴንሰሩ ቲኤምፒ36 ነው፣ ቦርዱ ባለ 12 ቢት፣ ሪፈረንሱ 3.3 ቮልት። ሌሊት ላይ 1.2 ይላል፣ ወዲያው ከዜሮ በታች 0.6፣ መልሶ 0.9። ስልኬ ሲጮህ እያደረ ቤተሰቡ ተማረረብኝ። 12 ቢት እኮ 0.08 ዲግሪ ይለያል ብለውኝ ነው የገዛሁት።»

0.08 ያሉህ ውሸት አይደለም። 12 ቢት ማለት 4096 እርከን ነው። ሪፈረንስህን፣ ማለትም ቦርዱ የሚያነበውን ትልቁን ቮልቴጅ፣ 3.3 ቮልትን ለ4096 ስታካፍል አንዱ እርከን 0.806 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ሴንሰርህ በየዲግሪው 10 ሚሊ ቮልት ስለሚሰጥ እርከኑ ወደ 0.08 ዲግሪ ይመጣል። ይሄ ሪዞሉሽን ነው። የሚነግርህ ቁጥሩ በስንት በስንት እንደሚዘል ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ይታመን አይታመን አይነግርህም።

በሁለት እርከን መካከል ያለ ቮልቴጅ ወደ አንዱ መጠጋጋቱ አይቀርም። የኳንታይዜሽን ስህተት የሚባለው ይኸው ነው፤ ቢበዛ ግማሽ እርከን፣ ባንተ ቤት 0.04 ዲግሪ። ያየኸው መዋዠቅ ግን ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ማጠጋጋቱን አንወቅሰውም። ኖይዝ አለ፤ ቮልቴጁ ላይ የሚደረብ ያልተፈለገ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

ኖይዙ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሴንሰሩን ንቀለው። በቦታው አንድ የ1.5 ቮልት ደረቅ ድንጋይ አስገባ፤ ፖዘቲቩ ወደ መግቢያው፣ ኔጋቲቩ ወደ ግራውንድ። ድንጋይ ጸጥ ያለ ምንጭ ነው። 1000 ጊዜ አንብብና የጥሬውን ቁጥር፣ ወደ ዲግሪ ሳትቀይር፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ማለትም ከአማካዩ የሚርቅበትን ልክ፣ አውጥተህ ላክልኝ።

ያው ከአንጎለላ፦ «አደረግኩት። ቁጥሩ ከ1905 እስከ 1935 ይጫወታል። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 4.6 ወጣ። ድንጋዩም ተበላሽቶ ይሆን?»

ድንጋዩ ደህና ነው። ቁጥሩን የሚያንቀጠቅጠው ቦርዱ ነው። እንግዲህ ስንት የሚሠራ ቢት እንደቀረህ እናስላ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ENOB ይባላል።

ምንም ኖይዝ የሌለው ኮንቨርተር እንኳን ከማጠጋጋቱ የተነሳ አማካይ ስህተት አለው። መጠኑ እርከኑ ለ12 ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ነው፤ 0.29 እርከን ገደማ። ያንተ 4.6 ነው። 4.6 ለ0.29 ስናካፍል 16 ያህል ይመጣል። 16 ደግሞ 2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። እያንዳንዱ እጥፍ አንድ ቢት ይበላል። በቀመር ሲጻፍ N የገዛኸው ቢት፣ sigma ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ነው፦

```
ENOB = N - log2(sigma / 0.29)
     = 12 - log2(4.6 / 0.29)
     = 12 - 4 = 8
```

12 ቢት ገዝተህ 8 ነው የምትጠቀመው። 3.3 ቮልት ለ256 ሲካፈል 12.9 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም 1.3 ዲግሪ። ቦርድህ የሚሠራው ባለ 8 ቢት ሆኖ ነው ማለት ነው። የተቀሩት 4 ቢቶች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ እንጂ ሥራ የላቸውም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ያለ ማስመሪያ ሚሊ ሜትር ቢሰመርበትም ባይሰመርበትም ያው ነው።

ማንቂያህ ለምን እንደሚጮህም እዚሁ ላይ ይታያል። ከጫፍ ጫፍ ያለው መዋዠቅ የስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 6.6 እጥፍ ገደማ ነው። 30 እርከን፣ 2.4 ዲግሪ። አየሩ 0.5 ላይ ጸጥ ቢልም ማንቂያህ ከዜሮ በታች ያነባል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንብበህ አማካዩን ውሰድ። ንባቡን 4 እጥፍ ስታደርግ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፣ አንድ ቢት ይመለሳል። 64 ንባብ 3 ቢት ይመልስልሃል፤ 11 ትደርሳለህ። መዋዠቁ ከ2.4 ወደ 0.3 ዲግሪ ይወርዳል።

```
long s = 0;
for (int i = 0; i < 64; i++) {
  s += analogRead(A0);
  delayMicroseconds(200);
}
float avg = s / 64.0;
```

መጨረሻ ላይ 64.0 ተብሎ መጻፉን ልብ በል። 64 ብቻ ካልክ ነጥቡን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ያተረፍከውን ቢት መልሰህ ትጥላለህ። ዴሌዩን ደግሞ ሙሉው ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ እንዲወስድ micros() እየለካህ አስተካክለው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ልክ ስታነብ የመብራቱ ከፍና ዝቅ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ከጠባሴ፦ «ልጁን ለምን ታደክመዋለህ? ባለ 16 ቢቱን ኤዲኤስ1115 ይግዛና ይገላገል። ቢት ሲበዛ ስህተት ይጠፋል።»

ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። ያ ቺፕ ሪፈረንሱ የራሱ ነው፣ ከሚንጫጫው ፕሮሰሰርም ውጭ ይቀመጣል። በ2.048 ቮልት ሬንጅ አንዱ እርከን 62.5 ማይክሮ ቮልት ነው። መዋዠቁን በእርግጥ ይቀንስለታል።

«ስህተት ይጠፋል» የምትለው ላይ ግን አልስማማም። ሴንሰሩ ራሱ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሊስት ይችላል። ባለ 16 ቢቱ ያንን ስህተት በጣም በጥንቃቄ ያነብልሃል እንጂ አያርመውም። የሚያርመው ካሊብሬሽን ነው። የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ፣ ሴንሰሩን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ይክተተው። በረዶው እየቀለጠ ሳለ 0 ዲግሪ ነው፤ ከፍታችንም አይለውጠውም። የፈላ ውሃን 100 ብሎ እንዳይወስድ ግን ንገርልኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 አካባቢ ነው።

ከሸዋሮቢት፦ «ኮንቨርተር ካላችሁ አይቀር፣ የኔ ከ12 ወደ 220 የሚቀይረው ማራገቢያ ሲነሳ ይጮሃል። ስንት ቢት ያስፈልገዋል?»

የእርስዎ ኢንቨርተር ነው ጋሼ፣ ቢት አይፈልግም። ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ አቅሙ አልበቃው ይሆናል። የባትሪውን ገመድ ውፍረትም ያሳዩ።

ከደብረ ሲና፦ «እኔ አርዱዊኖ ኡኖ ነው ያለኝ፣ 10 ቢት። በተመሳሳይ ሴንሰር ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ታዲያ የኔ 10 ከሱ 12 አይሻልም?»

በቁጥሩ አለመነቃነቅ አትታለይ እህቴ። በ5 ቮልት የአንቺ እርከን 4.88 ሚሊ ቮልት ነው፤ ግማሽ ዲግሪ ማለት ነው። ትንሽ ኖይዝ በእርከኑ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። አየሩ 0.3 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ ላታዪው ትችያለሽ።

አማካይ መውሰድም ለአንቺ አይሠራም። 64 ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ብትደምሪ አማካዩ ያው ቁጥር ነው። አማካይ የሚጠቅመው ኖይዙ ቢያንስ ግማሽ እርከን ያህል ሲሆን ነው። በዚህ ረገድ የአንጎለላው ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ስቀልድ እንዳይመስለው እንጂ።

ለአንቺ የሚሻለው ሪፈረንሱን ዝቅ ማድረግ ነው። analogReference(INTERNAL) ብለሽ ጻፊ፤ ወደ 1.1 ቮልት ይወርዳል። እርከኑ 0.11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ እስከ 60 ዲግሪም ያነባል። ሪፈረንሱ ግን ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ቮልት ይለያያል። አሬፍ የሚለውን እግር በሞልቲሜትር ለክተሽ ያገኘሽውን ቁጥር ተጠቀሚ።

ከመሐል ሜዳ፦ «የበግ ጠጉር የምመዝንበት ሚዛን ሠርተውልኛል። ኤችኤክስ711 የሚባል 24 ቢት አለው፣ እስከ 50 ኪሎ። የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች አርፈው አይቀመጡም። ሠሪው አታሎኝ ነው?»

አላታለለዎትም እትዬ። 24 ቢት ማለት ከ16 ሚሊዮን በላይ እርከን ነው፤ ያንን ሁሉ ጸጥ አድርጎ የሚያነብ ሚዛን አላየሁም። የቺፑ የራሱ ኖይዝ በዝግታ ሲያነብ 50 ናኖ ቮልት ያህል ነው፣ ከጫፍ ጫፍ 330። ክብደቱን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ሎድ ሴል በሙሉ ጭነት 10 ሚሊ ቮልት የሚሰጥ ከሆነ 30 ሺህ ያህል የሚታመን እርከን ይቀራል። 50 ኪሎ ለ30 ሺህ ሲካፈል 1.7 ግራም ገደማ። ከዚያ በታች ያለውን ቁጥር ሠሪው ከስክሪኑ ላይ ያንሳልዎት። በ5 ግራም እየዘለለ ቢያሳይ ለጠጉር ይበቃል፤ ገበያተኛም ቁጥሩ ሲጨፍር አይቶ አይከራከርዎትም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ «እኛ የተማርነው ኢኖብ ከሳይናድ ነው የሚወጣው፣ በሳይን ሞገድ። በድንጋይ ተለክቶ ኢኖብ ይባላል እንዴ?»

ጥሩ ያዝከኝ። ሳይናድ ማለት ሲግናሉ ከኖይዙና ከመጣመሙ ድምር ምን ያህል እንደሚበልጥ በዲቢ የሚለካበት ነው። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
ENOB = (SINAD - 1.76) / 6.02
```

ዳታሺቱ 62 ዲቢ ካለ 10 ቢት ይወጣል። ፍጹም የሆነ 12 ቢት ቢሆን 74 ነበር። በሳይን ሞገድ ሲለካ ኖይዙም፣ ኮንቨርተሩ ሞገዱን የሚያጣምምበትም አብረው ይቆጠራሉ፤ ድግግሞሹ ከፍ ሲል ውጤቱ አብሮ ይወርዳል። በድንጋይ የለካነው ግን አንድ ነጥብ ላይ ያለውን ኖይዝ ብቻ ነው፤ መጣመሙን አያይም። ጥንቁቆቹ ለሁለቱ የተለያየ ስም ይሰጣሉ። ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ያንተ መንገድ ነው ትክክሉ። በሰዓት 1 ዲግሪ ለሚቀየር የሌሊት አየር ግን የድንጋዩን እመርጣለሁ።

ከአንጎለላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፦ «አማካዩ ሠራ፣ ሌሊት ላይ 0.3 ብቻ ነው የሚዋዥቀው። ግን ወፍጮ ቤቱ ሲነሳ ቁጥሩ በሙሉ በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሲቆም ይመለሳል።»

ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ አንድ ወገን የሚገፋ ስህተትን 64 አይደለም 6400 ንባብም አያነሳውም። የጠረጠርኩት 3.3 ቮልቱን ነው፤ ሪፈረንስህ እሱ ራሱ ከሆነ፣ ሲወርድ የምታነበው ቁጥር ይወጣል። በ0 ዲግሪ ሴንሰሩ 500 ሚሊ ቮልት ስለሚሰጥ 1 ዲግሪ ለመሳት 2 በመቶ ይበቃል፤ 3.3 ወደ 3.23 ወርዷል ማለት ነው። የጠባሴው ሰው ምናልባት ግራውንድ ነው ይለኛል፣ እሱም ይሆናል። ወፍጮው ሲሠራ 3.3ቱን በሞልቲሜትር ለካው፤ ካልወረደ ድንጋዩን መልሰህ አስገባና ቁጥሩ አብሮ ይነሳ እንደሆነ እይ።