አምስት ደቂቃ አይበቃም

ልጆቼ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ያሳፈረኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚገጠም፣ የትራንዚስተሩን ሙቀት ወደ አየር የሚያስወጣ ሂት ሲንክ ምረጥ ተባልኩ። ትራንዚስተሩ 50 ዋት ሙቀት ያወጣል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የአልሙኒየም ሂት ሲንክ ገጠምኩበት፣ አበራሁት፣ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩና ለካሁት። 49 ዲግሪ። ክፍሉ 25 ዲግሪ ነበር። የሙቀት መከላከያው ኃይል የሚቆርጠው 90 ላይ ስለሆነ ፈርሜ ላክሁት።

ዕቃው ተመልሶ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ምን እንደሳትኩ አሁን በቀላሉ አሳያችኋለሁ። አንድ ኪሎ አልሙኒየምን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 900 ጁል ያህል ይፈጃል። ይህ የሙቀት አቅም ነው። የእኔ ግማሽ ኪሎ እንግዲህ ለአንድ ዲግሪ 450 ጁል ይውጣል። 50 ዋት ማለት በሰከንድ 50 ጁል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በየ9 ሰከንዱ አንድ ዲግሪ ይጨምራል። እየሞቀ ሲሄድ ግን ለአየሩ መስጠት ይጀምራል። የእኔው ሂት ሲንክ ከአየሩ በአንድ ዲግሪ በበለጠ ቁጥር አንድ ዋት ያህል ይለቃል። ስለዚህ የሚያቆመው ከአየሩ በ50 ዲግሪ ሲበልጥ ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል የሚሆኑት ያኔ ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን ጊዜ ይወስዳል። 450ን በዚያ በ1 ዋት ስታካፍሉት 450 ሰከንድ፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው የመንገዱን 63 በመቶ ብቻ ነው። በአምስት ደቂቃ ደግሞ ገና ግማሹ ጋ ነው። እኔ የለካሁት ያንን ግማሽ ነበር! ዕቃው የተገጠመበት ሳጥን ውስጥ አየሩ 45 ዲግሪ ነበር። 45 ላይ 50 ስትጨምሩ 95። መከላከያው ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም።

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። መዳብ ከአልሙኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል፤ በሜትር በዲግሪ 400 ዋት ገደማ ነው፣ ለሂት ሲንክ የሚውለው አልሙኒየም 200 ገደማ። በመዳብ ልቀይረው አልኩ። በዚያው ቅርፅ ሲሠራ ክብደቱ 1.66 ኪሎ ሆነ። በአምስት ደቂቃው ሙከራ ጭማሪው 19 ዲግሪ ብቻ ስለነበር ደስ አለኝ። ግን ያ የሆነው መዳቡ ከባድ ስለሆነና ለአንድ ዲግሪ 640 ጁል ያህል ስለሚውጥ ነው። አንድ ሰዓት ስተወው ተመልሶ እዚያው 50 አካባቢ።

ምክንያቱን አስሉት። 25 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋትና 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የአልሙኒየም መቀመጫ ውስጥ 50 ዋት ሲያልፍ የሚጠፋው ግማሽ ዲግሪ ነው። በመዳብ ሩብ ዲግሪ። ከ50 ላይ ሩብ ዲግሪ ነው የቆጠብኩት። የተቀረው ከብረቱ ወደ አየሩ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ እዚያ ደግሞ መዳብ አይረዳም። ፋን ገጠምን፣ አለቀ። ጥፍር የሚያህል ቺፕ ሰፊ ሂት ሲንክ መሃል ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለያል። ሙቀቱ ወደ ጎን መሮጥ አለበት፣ ያኔ መዳብ ዋጋ አለው።

የመጥበሻ መቀመጫም ይኸው ነው። ስቴንለስ ስቲል የሚያስተላልፈው 15 ገደማ ብቻ ነው። ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነ ቀጭን ስቴንለስ እሳት ላይ ስታስቀምጡት እሳቱ የነካው ቦታ ያራል፣ ዳሩ ገና ለብ ያለ ነው። ከሥሩ 5 ሚሊሜትር አልሙኒየም የሚለጠፍበት ለዚህ ነው። ወፍራም የብረት መጥበሻ ደግሞ ወደ ጎን ቶሎ አያሰራጭም፣ ክብደቱ ግን ብዙ ሙቀት ይይዛል። ቀዝቃዛ ነገር ሲጣልበት አይደነግጥም፣ እሳቱን ስትቀንሱ ግን ቶሎ አይሰማችሁም። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትፈልጉት መሰራጨቱን ነው ወይስ ማስቀመጡን፣ እሱን ለዩ።

እጀታ ላይ ያ የምንንቀው ስቴንለስ ጀግና ይሆናል። 8 ሚሊሜትር ውፍረትና 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ውሰዱ። ሥሩ ከክፍሉ በ100 ዲግሪ ይሙቅ። በጸጥተኛ አየር ውስጥ የስቴንለሱ ጫፍ ከክፍሉ በ13 ዲግሪ ያህል ብቻ ይበልጣል፣ የአልሙኒየሙ ግን በ77። አንዱን ትይዙታላችሁ፣ ሌላውን ትጥሉታላችሁ። ይህ ስሌት ግን ሙቀቱ የሚመጣው በዘንጉ ውስጥ ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ነበልባሉ ከመጥበሻው ዳር ወጥቶ እጀታውን ከላሰው ስቴንለሱም ያቃጥላችኋል።