ጥናትህን አሳጠርከው ወይስ አጠርክለት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የማስተርስ ጥናቴ አሕጽሮት 412 ቃል ሆነብኝ። የተፈቀደልኝ 250 ነው። ግኝቶቼን ሳልነካ እንዴት ላሳጥረው? ጓደኛዬ «ትምህርት ቤት»ን «ትምህርትቤት» እያልክ ግጠም፣ ቁጥሩ ይወርዳል አለኝ። ያስኬዳል? ረቂቁን ልኬያለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ፊደሉ። ይቅር በለኝና ሳልናገር አላልፍም። ቃሉ በብዙኃኑ ኀ «አኅጽሮት» ነው። በግእዝ «ኀጸረ» አጭር ሆነ ማለት ነው፤ የእኛ «አጭር» ከ«ኀጺር» ጋር አንድ ዘር ነው። በሐመሩ ሐ «ሐጸረ» ካልን ግን አጥር አጠረ፣ ከለለ ማለት ነው። አንተ ጥናትህን አላሳጠርከውም፤ አጥር አጠርክለት! «አማርኛ ድምፁን አንድ አድርጎታል፣ በየትኛውም ቢጻፍ ምን ቸገረን?» የሚሉ አሉ። ለአማርኛ ቃል እሺ። ይሄ ግን ከነልብሱ ከግእዝ የመጣ ነው። ለነገሩ ብዙ ሰው በሐመሩ ይጽፈዋል፣ ጭራሽ «አጠቃሎ» ብለው የተገላገሉም አሉ። ስለዚህ አልፈርድብህም።

አሁን ወደ መቀሱ። ስለ ንባብ ጥቅም የሚያወራው መግቢያህ 71 ቃል ነው። ሙሉውን አወጣሁት፤ ቦታው ምዕራፍ አንድ ነው። 58 ቃል የነበረውን አስተያየት ወደ 14 አወረድኩት። 297 ቀረ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የግስ ነው።

ዓላማህን እንዲህ ጽፈሃል፦ «የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ በትብብር የመማር ዘዴ የተማሪዎችን አንብቦ የመረዳት ችሎታ በማሻሻል ረገድ ያለውን ሚና መመርመር ነው።» 17 ቃል። «ጥናቱ በትብብር መማር አንብቦ መረዳትን ያሻሽል እንደሆነ መርምሯል» ብትል 8 ይበቃል። ቀጥሎ «ይህንንም ዓላማ ከግብ ለማድረስ ፍትነት መሰል የምርምር ስልት ጥቅም ላይ እንዲውል ተደርጓል» ትላለህ። 12 ቃል ነው። «ስልቱ ፍትነት መሰል ነው» በቃ። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ጊዜውንም በአንድ ቃል ይሸከማል። እኛ ግን ሥራውን ቀምተን «ተደርጓል»ን እና «ተችሏል»ን እንቀጥርለታለን።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ግኝቱ ነው። «ከተገኘው ውጤት መረዳት እንደተቻለው በሙከራ ቡድኑና በቁጥጥር ቡድኑ መካከል በድህረ ትምህርት ፈተና በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ልዩነት መኖሩ ተረጋግጧል» ብለሃል። 18 ቃል ወጥቶበት ማን እንደበለጠ አይናገርም! ልዩነቱ ወደ የት ነው? መልሱን ያገኘሁት ምዕራፍ አራት ውስጥ ገብቼ ነው። እንዲህ አድርገው፦ «በድህረ ትምህርት ፈተና የሙከራ ቡድኑ ከቁጥጥር ቡድኑ በስታቲስቲክስ ጉልህ ብልጫ አሳየ።» 11 ቃል፤ አጥሮም የበለጠ ይናገራል። «በስታቲስቲክስ» የሚለውን ቃል አልወደውም፣ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ግን አውጥቼ ሳነበው «ጉልህ» ወደ «በጣም ትልቅ» ተለወጠብኝ። የአንተ ስታቲስቲክሳዊ ፍተሻ ያሳየው ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንደማይመስል ነው እንጂ ትልቅ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ይቆይ።

ሁለተኛውን ግኝትህን፣ በተነሳሽነት በኩል ልዩነት ያለመታየቱን፣ በመጨረሻው መስመር ደብቀኸዋል። ቦታ ሲጠብህ መጀመሪያ የምትቆርጠው እሱን እንደሚሆን እጠረጥራለሁ። እንዳታደርገው። ሲያጥርም «በተነሳሽነት ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም» ይሁን። «በተነሳሽነት ግን አልተለያዩም» ብትል ሁለት ቃል ታተርፋለህ፤ ግን ፍተሻው ያላለውን ታስብለዋለህ። ልዩነት አለማየትና ልዩነት አለመኖር ለየቅል ናቸው።

ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች 24 ቃል አስቀሩልህ። 273 ላይ ነን። አሁን አንድ የማይታይ ሌባ ላሳይህ። ከአራት ነጥብ በፊት ሁሌ ክፍተት ትተዋለህ። ዎርድ በክፍተት ስለሚቆጥር ብቻውን የቆመውን «።» እንደ ቃል ይቆጥረዋል። በቀሩት 13 ዓረፍተ ነገሮች 13 ቃል በከንቱ ሄዷል ማለት ነው። ከቃሉ ጋር አጣብቀው። የቀሩትን 10 «ረገድ»፣ «የሆነ»፣ «አማካኝነት» እያልክ ፈልገህ ንቀል።

ወደ ጓደኛህ ምክር ልመለስ። «ሥነ ጽሑፍ» እና «ቤተ ክርስቲያን» ላይ ክርክር አልቀበልም። በግእዝ ዘርፍ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ «ነ»፣ «ተ» መሆኑ ራሱ ማሰሪያ ነው፤ ሌላ ሙጫ አያስፈልገውም። «ትምህርት ቤት» ላይ ግን ባላጋራዎቼ ጥሩ ማስረጃ አላቸው። ብዙ ቁጥሩ «ትምህርት ቤቶች» ነው፤ ምዕላዱ የሚቀጠለው ከሁለቱም መጨረሻ ላይ እንደ አንድ ቃል ነው። ገጥመው የሚጽፉትም እየበዙ ነው። እኔ ለይቼ የምጽፈው ዓይኔ ስለለመደው እንጂ የሚረታ ምክንያት ይዤ አይደለም። መግጠም ከፈለግህ ግጠም፤ ግን እስከ ምዕራፍ አምስት ድረስ ግጠም። አኅጽሮቱ ላይ ብቻ ገጥመህ ውስጡን ለይተህ ከተውከው ፈታኝህ ለምን እንደገጠምክ ወዲያው ይገባዋል።