ስለ ኤፒዩ ጠይቁ፦ በቦይንግ 737 አውሮፕላን ላይ የሠራ መካኒክ ይመልሳል

ተሳፋሪ፦ ልንነሳ ስንል ኤሲው ለምን ይጠፋል?

መላሽ፦ አየሩ ለሞተሩ ስለሚፈለግ ነው። ጅራት ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር ኤፒዩ፣ መብራቱንም የታመቀ አየሩንም ይሰጣል። የ737 ዋና ሞተር የሚነሳው ደግሞ በአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ፓይለቱ ኤሲውን ለጊዜው ይዘጋል።

ተሳፋሪ፦ እኔ ግን ዱባይ ላይ ግማሽ ሰዓት በላብ ተጠመቅኩ። «ኤፒዩው አይሠራም» አሉን።

መላሽ፦ ያለ እሱም መብረር ይቻላል። መብራት ከመሬት ይሰካል። አንዱ ሞተር የታመቀ አየር በሚነፋ መኪና ይነሳል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አየር ይወስዳል። ማቀዝቀዣ መኪና ካልቀረበ ግን ላቡ አይቀርም።

ተማሪ፦ ቦሌ ላይ ኤፒዩ ይደክማል የሚሉት እውነት ነው?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። አየሩ ስስ ስለሆነ አዎ፣ ግፊቱ ይቀንሳል። በ737 ሞተር ከማስነሳት በፊት ባሕር ጠለል ላይ 30 ፒኤስአይ የአየር ግፊት እንፈልጋለን። በየ1,000 ጫማው ግማሽ ፒኤስአይ ይቀነሳል። ቦሌ 7,600 ጫማ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 26.2 ገደማ ይበቃል። አንድ ጀማሪ 27 አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያስፈታን ነበር። ጤነኛ ነበር።

ኤሲው ተዘግቶም 20 ካሳያችሁ ግን የኤፒዩውን ጭስ ሙቀት እዩ። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ግፊቱ ከወረደ ወይ ቱቦ ያፈሳል፣ ወይ መጭመቂያው አርጅቷል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ቫልቩን ወይም የአየር ማስገቢያ ክንፎቹን ጠርጥሩ። ቁጥሬን ከመመሪያችሁ ጋር ሳታስተያዩ ግን አትንኩት።

አንድ አንባቢ፦ ኤፒዩው ይጮኻል። ምን ሆኖ ነው?

መላሽ፦ የትኛው አውሮፕላን? መቼ? ዓይነቱን ጻፉ።

ተማሪ፦ አየር ላይስ ኤፒዩው ይሠራል?

መላሽ፦ የ737 ኤፒዩ መብራት እስከ 41,000 ጫማ ይሰጣል፤ አየር ግን እስከ 17,000 ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ከፈለጋችሁ እስከ 10,000 ነው። በ2009 ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ኤ320 ካፒቴን ወፎቹ እንደመቱት ወዲያው ኤፒዩውን አስነሳ። መብራቱ ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከልክ በላይ እንዳያነሳ የሚከላከሉት ኮምፒውተሮችም ሙሉ ጥበቃቸውን አላጡም።

ሌላ አንባቢ፦ ባያስነሳውም በነፋስ የሚሽከረከረው ትንሽ ጄኔሬተር ይወጣ ነበር።

ተማሪ፦ እሱ የሚበቃው ለአስፈላጊዎቹ ነገሮች ብቻ ነው፤ ጥበቃው ይቀንሳል።

ሌላ አንባቢ፦ ቢቀንስም ያርፍ ነበር።

መላሽ፦ ጄኔሬተሩ ኤ320 ላይ አለ፣ ልክ ነህ። ሙሉ ጥበቃ ሳይኖር በዚያ ፍጥነት እንዴት ያርፍ ነበር የሚለውን ግን እኔም አንተም አላየነውም። 737 ላይ ደግሞ ያ ጄኔሬተር ጭራሽ የለም። ዓይነቱን ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ አንባቢ፦ 787 ላይስ ኤሲው ለምን ይጠፋል?

መላሽ፦ በሌላ ምክንያት ይሆናል። የ787 ኤፒዩ መብራት እንጂ አየር አይሰጥም፤ ሞተሩም በኤሌክትሪክ ይነሳል።